ከመስመሩ የወረደችው ነጥብ

የቤት ሥራዬ ውጤት የመጣ ዕለት ቴክሳስ ውስጥ ከካሮልተን ወደ ዴንተን በሚወስደው ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስልኬን አስነበብኩት። ከአስር አምስት። ከሥሩ አስተማሪዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፎልኛል፤ «ስለ ጁላይ ምንም አላልክም» ትላለች።

የትኛው ጁላይ? ጥያቄውን ከመጀመሪያው አስነበብኩት። አንድ ለችግረኞች ምግብ የሚያድል ማዕከል በዓመት ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንዳስተናገደ የሚያሳይ ግራፍ ነበረበት። ለእኔ የተዘጋጀው ቅጂ ላይ ግን ግራፉ የለም። ተነስቷል። በቦታው ስልኩ እንዲህ አለኝ፦ «ግራፍ። በዓመቱ ውስጥ የቤተሰቦች ቁጥር እየጨመረ መሄዱን ያሳያል።» እኔም ይህንኑ አምኜ ቁጥሩ እየጨመረ መሄዱን ጻፍኩ። ስለ ጁላይ የሰማሁት ነገር አልነበረም።

በዚያ ባቡር መስኮት ዳር መቀመጥ እወድ ነበር፤ አሁንም ባቡር ስሳፈር መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው። ፀሐይዋ አንዴ ጉንጬን፣ አንዴ አንገቴን ትነካኛለች፤ መንገዱ መታጠፉን በዚያ አውቃለሁ። ዓይኔን የወሰደው ግላኮማ ነው። ሕመም የለውም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየበላ ይመጣል። ከኤርፖርት እስከ ፍሪስኮ ከተማ ድረስ መንገደኛ የማመላልስ ሹፌር ነበርኩ፤ በጎኔ የሚያልፉት መኪናዎች ከየት እንደሚመጡብኝ ግራ ሲገባኝ ድካም ነው እያልኩ ከረምኩ። ሐኪም ዘንድ ስደርስ ዓለምን ማየት በጥቅል ወረቀት ቀዳዳ እንደማየት ሆኖብኛል። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ በመጨረሻ የቀረችው የልጄ ፊት ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የላይኛው የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። በእኔ ዘንድ ያ ጥርስ እስከ ዛሬ አልበቀለም።

ከዚያ በኋላ መንዳት ስላልቻልኩ ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ልጄን ከአልጋ አስነስቶ ምሳዋን ቋጥሮ ወደ ትምህርት ቤት መሸኘት የእኔ ድርሻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ እህቷ ባለችበት በሚኒሶታ ከሁለቱ የተሻለ አንድ ሥራ አገኘች። እኔ በዱላ መሄድና በሚናገር ኮምፒዩተር መሥራት እየተማርኩ ነበር፤ ኮሌጅም እገባ ዘንድ ተመዝግቤያለሁ። «አንድ ዓመት ነው፣ ኢንሻአላህ፣ ቢበዛ ሁለት» ተባባልን። ልጄን ይዛ ሄደች። እኔ ካሮልተን ቀረሁ። ዓመቱ አራት ሆነ። አልተጣላንም፤ አልተፋታንም። ርቀቱ እንደዚያው ሆኖ ኑሮ ሆነ እንጂ።

ከባቡሩ ወርጄ በቀጥታ የሄድኩት በኮሌጁ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ወደሚያግዘው ቢሮ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱን ለእኛ የሚያዘጋጁት እዚያ ናቸው፤ ሥዕሉንና ግራፉን እያወጡ በቃላት ይተኩታል። ቅሬታዬን በእንግሊዝኛ አሰማሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የነበረችው ሴት እስክጨርስ ሰማችኝና በአማርኛ፣

«ወሎ ነህ አይደል?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ከኮምቦልቻ ነኝ። እርስዎስ?»

«የኮልፌ ልጅ ነኝ። ያንን ግራፍ የገለጽኩት እኔ ነኝ፤ ና ቁጭ በል።»

ድምፃቸው ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም አንተ ይሉኛል። ይቅርታም አልጠየቁም፣ ራሳቸውንም አልተከላከሉም። አጠር አድርጋችሁ ግለጹ እንደሚባሉ፣ ሰሚው እንዳይሰለች ብለው ዋናውን ብቻ እንደጻፉ ነገሩኝ።

«ዋናውን ማን መረጠው?» አልኳቸው።

«እኔ።»

«እትዬ፣ ጥያቄውን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ እኮ። መምረጡም የእኔ ነው።»

ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አምጥተው ግራፉን ገለጡት። እኔም ከቦርሳዬ ሰሌዳዬን አወጣሁ። ላስቲክ የለበሰ ሰሌዳ ነው፤ ስስ ፕላስቲክ ይነጠፍበትና በእስክሪብቶ ሲጫኑት መስመሩ ያብጣል፤ የሳሉትን በጣት ያነቡታል።

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እስላለሁ። ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩልኝ።»

«ጁላይ ላይ ወደ ታች...»

«ቆይ እትዬ። ገና ወረቀቱ ባዶ ነው። ጁላይን የት ላድርጋት?»

ሳቁ። «እውነትህን ነው። ቤቱ ሳይሠራ ዕቃ ላስገባ ነው።»

እንደገና ጀመሩ። የመስመር ግራፍ መሆኑን ነገሩኝ። አግድሙ ወራት ነው፤ በስተግራ ከጃንዋሪ ተነስቶ በስተቀኝ ዲሴምበር ላይ ያልቃል። ሽቅቡ በወር የመጡ ቤተሰቦች ብዛት ነው፤ ከዜሮ ጀምሮ በመቶ በመቶ እየዘለለ አምስት መቶ ይደርሳል። ሁለቱን መስመሮች ሳልኩ፤ ወራቱንም በነጥብ በነጥብ ከፋፈልኩ። ከዚያ ጠቅላላ አካሄዱን ነገሩኝ፤ ጃንዋሪ ላይ ሁለት መቶ አካባቢ ተነስቶ በየወሩ በትንሽ በትንሹ እየወጣ ዲሴምበር ላይ ከአራት መቶ ትንሽ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ከአካሄዱ ያፈነገጠችውን ነገሩኝ። ጁን ላይ ሦስት መቶ የነበረው ጁላይ ላይ ወደ ስድሳ ይወድቃል፤ ኦገስት ላይ ወደ ሦስት መቶ አርባ ይመለስና ምንም እንዳልሆነ ሰው መንገዱን ይቀጥላል።

ጣቴን ከግራ ጀምሬ በመስመሩ ላይ ነዳሁት። በዝግታ እየወጣ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ጣቴ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ልቤ ድንግጥ አለ። መንገድ ላይ ስትነዳ ያላሰብከው ጉድጓድ ውስጥ ጎማህ ሲገባ የምትደነግጠው ድንጋጤ ነበር፤ ያ ስሜት ከቀረብኝ ስንት ጊዜው! መሪ የያዝኩ መሰለኝ።

«ለምን ወረደ?» አልኩ።

«እሱን አልነግርህም።»

«ለምን እትዬ?»

«መጽሐፉ ላይ የለማ። ሥዕሉ ወረደ ነው የሚለው፤ ለምን እንደወረደ አይልም። ተዘግቶ ይሆናል፣ ቆጣሪው ታሞ ይሆናል፣ አላውቅም። እኔ ግምቴን ከነገርኩህ ያየሁት ነገር አድርገህ ትይዘዋለህ።»

አስተማሪዬ ሥራውን ድጋሚ እንዳስገባ ፈቀደልኝ። አካሄዱ ሽቅብ መሆኑን፣ ጁላይ ብቻዋን መውረዷን፣ ምክንያቱን ግን ከግራፉ ብቻ ማወቅ እንደማይቻል ጻፍኩ። «አሁን አየኸው» ብሎ መለሰልኝ። ሳያስበው የጻፈው ነው መሰለኝ፤ እኔ ግን ደጋግሜ አስነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እትዬ ዘንድ እሄድ ነበር። መጽሐፉ ገና ብዙ ምዕራፍ ይቀረዋል። አንዳንዴ እሳቸው ይስታሉ፤ አንዳንዴ እኔ። አንድ ቀን «ይሄኛው ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ዳገት ነው» አሉኝ፤ ሽቅቡ ከስንት እንደሚጀምር ስጠይቃቸው ከዘጠና እስከ መቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መስመሩ የወጣው አራት ቁጥር ነው። ዳገቱን ያስመሰለው አሣሣሉ እንጂ ነገሩ ጉብታ እንኳን አይሆንም። «ዓይን ላለውም ቢሆን ያታልላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ይነግሩኝ ጀመር፤ ለሚያየው ሰው ምን እንደሚመስልና ቁጥሩ ምን እንደሚል።

ሁሉንም ቁጥር በሰንጠረዥ ላስቀምጥልህ ብለውኝም ያውቃሉ። አስቀመጡልኝ። ሰንጠረዡ አንድን ነጥብ ለማጣራት ደግ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ስልኩ ቁጥር በቁጥር ላይ ይከምርብኛል፤ አሥረኛው ላይ ስደርስ ሦስተኛው ከእጄ ይወድቃል። መጀመሪያ ቅርጹን፣ ቁጥሮቹን ከኋላ እንዲሆን ተስማማን።

አንድ ማክሰኞ ሥራ ጨርሰን ኮታቸውን እየለበሱ፣ «ቀኑን ሙሉ ያየሁትን ስናገር እውላለሁ» አሉኝ። «ቤት ስገባ ግን ዛሬ ምን አየሽ የሚለኝ የለም። ባለቤቴ ነበር የሚጠይቀኝ።»

«ዛሬ ምን አዩ እትዬ?» አልኩ።

«ዛሬ?» ብለው ቆሙ። «ዛሬ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ አንዲት ወፍ የመኪናዬ መስታወት ውስጥ ራሷን አይታ ስትጣላ አየሁ።» ከዚያ እየሳቁ ወጡ።

ከልጄ ጋር የምንገናኘው እሑድ እሑድ ነው። በቪዲዮ ነው የምንደውለው፤ እሷ ታየኛለች፣ እኔ እሰማታለሁ። ያን ጊዜ አስር ዓመቷን ጨርሳ የዓመት ምርመራዋን አድርጋ ነበር። ባለቤቴ ከሐኪሙ የተሰጣትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ስልኬ «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«የክብደቷ ግራፍ ነው። ዶክተሩ ደህና ነች ብሏል። በደንብ እያደገች ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ስልኩን ግን አልዘጋሁትም። «እየጨመረ መሄዱን ያሳያል» እንደማለት ነው፤ ይህን ዓይነት ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

«ልጅቷን ስጪኝ እስቲ» አልኩ።

ልጄ አማርኛዋ እየሳሳ ነው። የምታውቃቸውን ቃላት ግን ለእኔ ስትል ትፈልጋቸዋለች፤ ስትፈልግ ትንፋሿ ይሰማኛል። ሰሌዳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ «ያንን ወረቀት ንገሪኝ፤ እስለዋለሁ» አልኳት።

«ኦኬ። ሶ፣ ብዙ ዶት አለ አባ።»

«ዶቱን ቆይ። ከታች ምን ተጽፏል?»

«ኤጅ። ቱ ይጀምራል፣ ትዌንቲ ያልቃል።»

«በጎንስ?»

«ፓውንድ። ወደ ላይ ይሄዳል፣ በቴን በቴን። ከዛ ደሞ ላይኖች አሉ፤ ከርቭ ናቸው። ቆይ ልቁጠር... ሰቨን ናቸው። ሁሉም ወደ ላይ ይሄዳል፣ እንደ... እንደ መንገድ።»

መስመሮቹ የሌሎች ልጆች የዕድገት አካሄድ መሆናቸው ገባኝ። ሰባቱንም ሳልኳቸው፤ መሃለኛውን ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት። «አሁን ያንቺን ዶቶች ንገሪኝ። ከግራ ጀምሪ።»

«ቱ ላይ፣ ሚድል ላይን። ስሪ፣ ሚድል። ፎር፣ ሚድል። ፋይቭ፣ ሲክስ፣ ሚድል። ሲክስ ላይ ፎርቲ ፋይቭ ፓውንድ ነኝ።»

ስድስት ዓመቷ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። እዚህ ድረስ የማውቃት ልጅ ነች። እዚህ ድረስ አይቻታለሁ።

«ከዛ ኤይት...» አለች።

«ሰባትስ?»

«ሰቨን ዊርድ ነው። ምናልባት ማሽኑ ልክ አይደለም።»

«ሚዛኑን ተዪው። ነጥቧ የት ነች?»

«ታች ነች። ከሚድል ቱ ላይን ታች። ፎርቲ ስሪ።»

እስክሪብቶዬን እዚያ ቦታ ላይ ተጫንኩ። ስምንት ላይ አንድ መስመር ወደ ላይ ተመልሳለች፤ ዘጠኝ ላይ ከመሃለኛው ትንሽ ዝቅ ብላለች፤ አስር ላይ መሃለኛው ላይ ደርሳለች። ባለቤቴ አልዋሸችኝም። ግራፉ በእርግጥ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሰባት ላይ ግን ጣቴ ወደቀ።

ሰባት ዓመቷ ላይ ለኢድ ሄጄ አቅፌያት ነበር። ቀልላኛለች። ወፍራም ካፖርት ለብሳ ከውስጡ ልጅ የጠፋ መሰለኝ። ግን ከዚያ በፊት ስንት ትከብድ ነበር ብዬ ራሴን ስጠይቅ እጄ ማስታወስ አቃተው፤ ነገሩን ተውኩት።

ለምን ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ የለም። «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ አድርገሽ ነገርሽኝ» ብቻ አልኳት።

ራሷ ቀጠለች። «አባ፣ ያኔ ስኩል ላንች አልበላም ነበር።»

«እህ?»

«ሚቱ... ሥጋው ሐላል ይሁን አይሁን አላውቅም። ቲቸሯን መጠየቅ አፈርኩ። ሶ ወተት ብቻ እጠጣለሁ። ቴክሳስ አንተ ነበርክ የምትቋጥርልኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዳቦው ውስጥ እንቁላል ታደርግልኝ ነበር። ቅርፊት አለው ሁልጊዜ» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። እውነት ነው፤ ዓይኔ ሲደክም የእንቁላሉ ቅርፊት አይታየኝም ነበር። አንድም ቀን አልተናገረችኝም። ስልኩን ወደ ጎን አዞርኩት፤ ካሜራው ፊቴን እንዳያሳያት።

ባለቤቴ መልሳ ስልኩን ስትይዝ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እዚያ ሆነህ ምን ልታደርግ? እኔም ያወቅኩት ሐኪሙ ሲነግረኝ ነው። ከዚያ ምሳዋን መቋጠር ጀመርኩ፤ ተሻላት። ያለፈ ነገር ብዬ ተውኩት።»

«መሸከም እችል ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ አንተ ስታዝን መስማት የማልችለው።»

ከእሷ ወገን የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል። ዕቃ የሚያስቀምጡበትን ቦታ፣ ልጄ ጫማዋን የምትጥልበትን በር፣ አንዱንም አላውቀውም። በአራት ዓመት ውስጥ የሄድኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ እንግዳ ሆኜ ነው የሄድኩት። በዚያ ቤት እንደ ራሴ ቤት በጨለማ መሄድ ናፈቀኝ፤ ከአልጋ እስከ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ እግሬ ሳያስብ እንዲያውቀው።

«ወደ እናንተ ልምጣ» አልኳት። «ትምህርቱን እዚያ እጨርሰዋለሁ።»

«ክሬዲትህን ሁሉ ይቀበሉሃል?»

«ጥቂት አይቀበሉም ይሆናል። እደግመዋለሁ።»

ማክሰኞ ለእትዬ ስነግራቸው ሚኒሶታ የምገባበት ኮሌጅ የእኔን ዓይነት ተማሪ የሚያግዝበትን ቢሮ ፈልገው ራሳቸው ደወሉልኝ። ለዚያ ሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ «አሳጥራችሁ ከጻፋችሁለት ይመጣባችኋል፤ መጀመሪያ የግራፉን ዓይነት፣ ቀጥሎ ሁለቱን ጎኖች ከነመነሻቸው፣ ከዚያ አካሄዱን፣ ከዚያ ያፈነገጠውን። ምክንያቱን ለእሱ ተዉለት» አሉ። ስልኩን ሲዘጉ፣ «እንግዲህ ማክሰኞዬን ወሰድክብኝ» አሉኝ። እየደወልኩ ምን አዩ ብዬ እንደምጠይቃቸው ነገርኳቸው። እጠይቃቸዋለሁም። ስልክ ላይ ግን እሳቸው ሲያስቡ ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ አይሰማም።

ማዛወሩ ቶሎ አላለቀም። በበጋው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ብቻዋን መጥታ ከእኔ ጋር ሁለት ሳምንት ሰነበተች። ምሳዋን እየቋጠርኩ መናፈሻ ይዣት እሄዳለሁ፤ እንቁላሉን በጣቴ ሁለት ጊዜ እዳስሰዋለሁ። ባቡር ላይ ስንቀመጥ በመስኮቱ የምታየውን ትነግረኛለች። «ሐይቅ አለ አባ። ቆይ፣ ስንት ትልቅ ልበልህ...» ትልና መለኪያ ትፈልጋለች። አንድ ከሰዓት ፊቷን እንድዳስስ ፈቀደችልኝ። ጥርሶቿ ሁሉ በቅለዋል። አፍንጫዋ የእናቴን ሆኗል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። በጣቶቼ ውስጥ ያለችው ልጅና በዓይኔ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን አንድ ሊሆኑልኝ አልቻሉም። አሁንም ሁለት ናቸው። ሁለቱም ይናፍቁኛል።

ስትመለስ ኤርፖርት ድረስ ሸኘኋት። የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ፍተሻው ጋ ስትደርስ «አባ፣ እዚህ ነኝ!» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አሁንም እዚህ ነኝ!» አለች፤ በየጊዜው ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ የሰማሁት የእሷ ይሁን የሌላ ልጅ መለየት አልቻልኩም፤ ለማንኛውም እጄን አነሳሁ።

ዱላዬን ያየ አንድ የኤርፖርቱ ሠራተኛ ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «እየሸኘሁ ነው።»

ሠራተኛው ሄዷል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከአጠገቤ አልራቀም፤ እኔም ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ብዙ ቆየሁ።